የተጻፈ አለኝ፣ የተፈረመ የለኝም

ዘበኞች «እሜቴ ገመድ» የሚል ስም ያወጡላት ገና ሥራ በጀመረችበት ዓመት ነው። ሊፍት ጠጋኝ ናት። ሊፍት ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ ውስጡ ያሉት ሰዎች በሩን ሲደበድቡ፣ የመሣሪያ ሻንጣዋን በትከሻዋ አንግታ ደረጃውን ሽቅብ የምትወጣው እሷ ናት። ሊፍት ጠጋኝ በሊፍት አይወጣም፤ የሚጠራው ሊፍቱ ሲቆም ነዋ። ስለዚህ ጉልበቷ ብረት ነው፤ አንደበቷም ከጉልበቷ አያንስም። አንድ የሕንፃ አስተዳዳሪ ገና ከበር እንዳያት «ወንድ ባለሙያ የላችሁም እንዴ?» ቢላት፣ «አለን። እነሱ ሲያቅታቸው ነው እኔን የሚልኩኝ» ብላው አልፋ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ሊፍቱ በተበላሸ ቁጥር እሷን ካልላካችሁ ማለት ጀመረ።

ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነው። እጁ ፈጣን ነው፤ ምላሱ ደግሞ ከእጁ ይቀድማል። እሱ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ፀጉሩን ጥሎ ወሬ ተሸክሞ ይወጣል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሚስቱንም እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያያት። ችግሩ ደስታ ማሳደር አለመቻሉ ነው።

በዚያ ሰሞን አንድ ትልቅ የሊፍት ድርጅት ሠራተኛ ሊቀጥር ማስታወቂያ አወጣ። የሚፈልገው አንድ የፍተሻ ክፍል ኃላፊና ጥቂት ጠጋኞች ነበር። እሜቴ ገመድ ለኃላፊነቱ አመለከተች። አብሯት የሚሠራው ወጣት ባልደረባዋም ለጠጋኝነት አመለከተ። ይህ ልጅ ሥራ ቦታ «ችኩሌ» ይባላል፤ ችቦ ሳይለኮስ የሚሮጥ ዓይነት ነው፣ ግን ሙያው እጁ ላይ አለ። ሁለቱም ቃለ መጠይቅ ተጠርተው ገቡ። እሷ ስትወጣ ፊቷ የተረጋጋ ነበር። የጠየቋት ሁሉ በየቀኑ በእጇ የምትነካውን ነገር ነው።

ኢሜይሉ የመጣው በሳምንቱ፣ ምሳ እየበሉ ሳለ ነው። ባሏ ስልኳን ነጥቆ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው።

«በቃለ መጠይቁ ወቅት ባሳዩት የሙያ ብቃት እጅግ ተደስተናል። እንደ እርስዎ ያለ ባለሙያ የድርጅታችን ቤተሰብ ቢሆን ኩራት ይሰማናል። በቅርቡ እንደምንገናኝ ተስፋ እናደርጋለን።»

«እልል በይ!» አለ ባሏ ከወንበሩ ብድግ ብሎ። «ገባሽ እኮ! ኩራት ይሰማናል ነው የሚሉት!»

«ቆይ እስቲ፣ እታለም ትየው» አለች።

እታለም የምትላት ታላቅ እህቷን ነው። እህትየዋ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ውስጥ የሰው ኃይል አስተዳዳሪ ናት፤ ሰው መቅጠርና ማሰናበት፣ ለሁለቱም ደብዳቤ መጻፍ የዕለት እንጀራዋ ነው። ኢሜይሉን ላኩላት። ብዙም ሳትቆይ ደወለች።

«ጥሩ ሰላምታ ነው» አለች።

«ሰላምታ ማለት?» አለ ባልየው በስልኩ ላይ አጎንብሶ።

«ሰላምታ ማለት ሰላምታ ነዋ። ‹ቤተሰብ ቢሆን› ነው የሚለው፤ ‹ሆነዋል› አይልም። ‹ተስፋ እናደርጋለን› ይላል፤ ተስፋ ደግሞ ማንም ያደርጋል። የሥራ መደቡን ጠርቷል? አልጠራም። ደመወዝ? የለም። መቼ ግቢ ይላል? አይልም። ከአንቺ የሚፈልገው መልስስ አለ? እሱም የለም። እኔ ራሴ እንዲህ ያለውን ለስንቱ ጽፌያለሁ! ሰውየውን ወደነዋል፣ ግን ገና አልወሰንንም፤ ሌላ ቦታ እንዳይሄድብን እናባብለው ማለት ነው። አንዳንዴማ ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ነው የሚላከው።»

«እንግዲያው መጥፎ ነው?» አለች እሜቴ ገመድ።

«ማን መጥፎ አለሽ? በር አልተዘጋም። ግን አልተከፈተም። አንቺ ሥራሽን ሥሪ።»

እሜቴ ገመድ «እሺ» ብላ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ባሏ ግን ሰላምታውን ትቶ ኩራቱን ብቻ ይዞ ሱቁ ገባ። ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ የባለቤቱን መቀጠር ሰማ። አንዱ ጢሙን ሲላጭ «እንኳን ደስ አላችሁ» ብሎ ጉርሻ ጨምሮለት ሄደ። ከሰሚዎቹ መካከል ደግሞ ፀጉሩን ሊከረከም የመጣው ችኩሌ ነበረበት።

በነጋታው ሁለቱ አንድ የቢሮ ሕንፃ ጣሪያ ላይ፣ ሞተሩ ያለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበሩ። እሷ የብረቱን ገመድ በጨርቅ እየጠረገች የተበጠሰ ክር እንዳለው ትመለከታለች። እሱ ባትሪ ያበራላታል። እጁ አላርፍ ብሎ መብራቱ ይዘላል።

«ምን ሆነሃል ዛሬ?» አለችው። «ገመዱን አብራልኝ እንጂ ጣሪያውን አይደለም ያልኩህ።»

«እሜቴ፣ አብረን ነን እኮ» አላት ጥርሱን ገልጦ። «እኔም ገብቻለሁ። ባልሽ ጋ ስሰማ ኢሜይሌን መልሼ አነበብኩት፤ ያው የአንቺው ነው። ጠዋት መልቀቂያዬን አስገባሁ።»

ጨርቁ ከእጇ ወደቀ። «ምን አስገባህ?»

«መልቀቂያ።»

«ኢሜይልህን አምጣ።»

ስልኩን ሰጣት። ቃል በቃል ያው ነው፤ «የሙያ ብቃት»፣ «ቢሆን ኩራት ይሰማናል»፣ «ተስፋ እናደርጋለን»። የሚለየው ከላይ ያለው ስም ብቻ ነበር። ለኃላፊነት ላመለከተችው ለእሷና ለጠጋኝነት ላመለከተው ለእሱ አንድ ደብዳቤ። እህቷ ያለችው ነገር ያን ጊዜ ቁልጭ ብሎ ታያት።

«ስማኝ ወንድሜ» አለችው። ድምፅዋ አልከበደም፣ አልቀለለምም። «እኔ አልተቀጠርኩም። አንተም አልተቀጠርክም። ባሌ ነው የቀጠረን። ይህ ወደድናችሁ የሚል ደብዳቤ ነው እንጂ ኑ የሚል አይደለም። የሥራ መደብህ የት ተጻፈ? ደመወዝህ የት አለ? የምትጀምርበትስ ቀን?»

ልጁ ስልኩን ገልብጦ አየው፤ ከጀርባው የተጻፈ ነገር ያለ ይመስል። ከዚያ ባለበት ቁጭ አለ። «ሚስቴ እርጉዝ ናት» አለ ቀስ ብሎ።

«ተነስ። ሻንጣውን ያዝ። መልቀቂያው እኛ ጽሕፈት ቤት ነው ያለው ወይስ ዋናው መሥሪያ ቤት ደርሷል?»

«ጋሼ ጠረጴዛ ላይ ነው ያስቀመጥኩት።»

«እንግዲያው ገና ከቢሮው አልወጣም።»

ጋሼ የሚሏቸው የጥገና ኃላፊውን ነው፤ ሸምገል ያሉ፣ መነጽራቸውን ከዓይናቸው ይልቅ ግንባራቸው ላይ የሚያደርጉ ሰው ናቸው። ሁለቱ ሲገቡ መልቀቂያው ከፊታቸው ተዘርግቶ ነበር። ችኩሌ ከኋላዋ ተሸሸገ። እሷ አልተናገረችለትም፤ በክርኗ ጎሰም አደረገችው እንጂ።

«ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ» አለ። «ያልተቀጠርኩትን ተቀጥሬያለሁ ብዬ ነው። መልቀቂያዬን መልሼ ልውሰድ።»

ሰውየው መነጽራቸውን አወረዱ። «ወረቀት በወረቀት ነው የሚመለሰው። መልቀቂያዬን ስቤያለሁ ብለህ ጻፍ፣ ፈርምበት። ሁለቱንም አያይዤ አስቀምጣለሁ። ወደ ላይ ልኬው ቢሆን ኖሮ እኔም አላድንህም ነበር።» ልጁ እዚያው ቆሞ ጽፎ ፈረመና እየተሰናከለ ወጣ። እሜቴ ገመድም ልትከተለው ስትል ጠሯት።

«አንቺስ? ትናንት የሰፈሬ ሰው ሁሉ ስላንቺ መቀጠር ሲያወራ ነው ያመሸው።»

«ባሌን ያውቁታል ጋሼ። የእሱ ሱቅ ውስጥ ስንቱ ሹም ሆኗል! አመልክቻለሁ፤ ያ እውነት ነው። አልተቀጠርኩም፤ እሱም እውነት ነው።»

ሰውየው ሳቁ፤ ወዲያው ግን ፊታቸውን ሰበሰቡ። «ግልጽ ከሆንሽ እኔም ግልጽ ልሁን። የአዲሱን ሆስፒታል ሊፍቶች ጥገና ወስደናል። የቡድኑ መሪ እንድትሆኚ እፈልጋለሁ። ደመወዝሽ ከፍ ይላል። ግን ድርጅቱ ለሥልጠና ስለሚልክሽ ሁለት ዓመት ላትለቂ ትፈርሚያለሽ። እስከ ቅዳሜ አስቢበት።»

ማታ ለባሏ ሁሉን ነገረችው፤ የችኩሌንም የራሷንም። ባልየው የልጁን ነገር ሲሰማ አንገቱን ደፋ። «የኔ ጣጣ ነው» አለ። በማግስቱ ልጁን ፈልጎ ይቅርታ ጠየቀው፤ ሕፃኑ ሲወለድ የመጀመሪያ ፀጉሩን በነፃ እንደሚቆርጥለትም ቃል ገባ። ችኩሌም «እሱን እንኳ በጽሑፍ ስጠኝ» አለው ይባላል።

ሁለተኛው ኢሜይል የመጣው ሐሙስ ነው። እህትየዋ ከሥራ ስትወጣ ቀጥታ መጣች። ሦስቱም ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። በዚህኛው ባልየው ጠቢብ ሆኖ ቀረበ።

«አትልፉ» አለ እጁን አጣጥፎ። «ይህም ሰላምታ ነው። እኔ ከእንግዲህ አልሸወድም።»

«ደግሞ ባንዴ ወዲያ ማዶ አትዝለል» አለችው እህትየዋ። «አንብቢው።»

እሜቴ ገመድ አነበበች። የሥራ መደቡ «የፍተሻ ክፍል ኃላፊ» ይላል። የወር ደመወዙ በአኃዝም በፊደልም ተጽፏል። ሥራ የምትጀምርበት ቀን ተቀምጧል፤ ከፊቱ ግን «በዕቅድ» የሚል ቃል አለ። በአሥር ቀን ውስጥ ፈቃደኛነቷን በጽሑፍ እንድታሳውቅ ይጠይቃል። ከታች ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ይህ የቅጥር ግብዣ የሚጸናው የሕክምና ምርመራ ውጤት ሲቀርብ፣ የሥራ ልምድዎ ከአሠሪዎ ሲረጋገጥ፣ እንዲሁም የሥራ መደቡ በድርጅቱ ቦርድ ሲጸድቅ ይሆናል።»

«ይሄ ሰላምታ አይደለም» አለች እህትየዋ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ። «ይሄ እውነተኛ ግብዣ ነው። ሥራውን በስሙ ጠርተውታል፤ ዋጋውን ቆርጠውታል፤ መልስ ይፈልጋሉ። መልስ የሚጠይቅ ሰው የምሩን ነው። ግን እያንዳንዱን ነገር በ‹ሲ› አስረውታል። ሲቀርብ፣ ሲረጋገጥ፣ ሲጸድቅ። እነዚህ ካልሆኑ ተዉነው ማለት ይችላሉ፤ ማንም አይከሳቸውም።»

«ምርመራው ቀላል ነው» አለች እሜቴ ገመድ። «ጤነኛ ነኝ። ልምዱም እውነት ነው።»

«ልክ ነሽ። ሁለቱ በአንቺ እጅ ያሉ ናቸው። ልምዱን ግን አሁን ካለሽበት ነው የሚጠይቁት ወይስ ከቀድሞው? ሳታውቂው ለአለቃሽ ቢደውሉስ? ይህን ጠይቂያቸው። ሦስተኛው ነው ዋናው። መደቡ ገና አልጸደቀም። ቦርዱ ገንዘብ የለም ካለ፣ አንቺ አንበሳ ብትሆኚም ሥራው ራሱ የለም።»

«ታዲያ ምን ታድርግ? እንቢ ትበል?» አለ ባልየው።

«እንቢ ለምን ትላለች? እሺ ትበል፤ እሺታዋ ግን እንደ እነሱ ግብዣ ‹ሲ› ይኑረው። መልቀቂያ አትጻፍ። ሌላው ሁሉ መጠየቅ ነው።»

መልሱን እሜቴ ገመድ ራሷ ጻፈችው። እህትየዋ አንድ ሁለት ቃል ብቻ ነው ያስተካከለችው። ሥራውን እንደምትፈልገው፣ በተጻፈው ደመወዝ እንደምትስማማ ገለጸች። ቀጥላ ጠየቀች፦ ቦርዱ መደቡን የሚያየው መቼ ነው? የሥራ ልምዴን አሁን ካለሁበት ሳይሆን ቀድሞ ከሠራሁበት ብታረጋግጡስ? ሁሉም ሲሟላ በፊርማና በማህተም የተረጋገጠ ውል ይደርሰኛል ወይ? መጨረሻ ላይም «አሁን ላለሁበት መሥሪያ ቤት የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያ የምሰጠው ውሉ ከደረሰኝ በኋላ ስለሆነ፣ የሥራ መጀመሪያው ቀን ከዚያ አንድ ወር ቢርቅ» አለች።

«እንዲህ ስትጠይቂያቸው ቢቀየሙሽስ?» አለ ባሏ።

«ጥያቄ የሚያስቀይመው ድርጅት፣ ነገ ገመዱ ላልቷል ብዬ ብነግረው ምን ሊለኝ ነው?» አለችና ላከችው።

አልተቀየሙም። በማግስቱ ጠዋት የድርጅቱ የሰው ኃይል ባለሙያ በትሕትና መለሰችላት። ከቀድሞ አሠሪ ማረጋገጥ ይቻላል። ውል ይላካል፤ ቀኑም ይራዘማል። ቦርዱ የሚሰበሰበው ግን በወሩ መጨረሻ ነው፤ «ከዚያ በፊት ማረጋገጫ ለመስጠት ሥልጣን የለኝም» ብላለች። እህትየዋ ይህን ስታነብ ደስ አላት። «የማትችለውን አልችልም የምትል ሰው ናት። እንዲህ ያለችውን ማመን ይቻላል። ቦርዱን ግን እሷም አታዝዝልሽም።»

የጋሼ ቀጠሮ ቅዳሜ ነው፤ ቦርዱ ደግሞ በወሩ መጨረሻ። እሜቴ ገመድ ዓርብን ሙሉ አንድ የገበያ ሕንፃ ሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ሆና የበር ጎማ ስትቀይር ዋለች። እጇ እየሠራ ልቧ ይመዝናል። ለሆስፒታሉ ከፈረመች ደረቷን ነፍታ መኖር ትችላለች፤ ግን ቦርዱ ቢያጸድቅ ሁለት ዓመት ትታሰራለች። ካልፈረመችና ቦርዱ ቢያስቀረው ደግሞ መሪነቱ ያመልጣታል፤ ያላት ሥራ ግን በእጇ ይኖራል። ከጉድጓዱ ስትወጣ መዝናው ጨርሳለች። የሚቀርባት ነገር አለ፤ የምትወድቅበት ግን የለም።

ቅዳሜ ጋሼ ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ የሁለት ዓመቱን አልፈርምም። ያከበሩኝን አውቃለሁ።»

«የቅጥር ግብዣ መጣልሽ ማለት ነው?»

«የተጻፈ አለኝ፣ የተፈረመ የለኝም። ላይሆንም ይችላል። ግን ዛሬ ፈርሜልዎት በወሩ መጨረሻ ፊቴን ባዞር አይወዱልኝም። ቡድኑን ያለ ፊርማ ላደራጅ፤ ልጆቹንም ላሳያቸው። እስከዚያ ሌላ መሪ ይፈልጉ።»

ሰውየው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ፤ አወረዱ። «ቢቀርብሽስ?»

«ቢቀርብኝ ነገም ሊፍት ይቆማል ጋሼ፤ እኔም ደረጃ እወጣለሁ።»

ቅር አላቸው፤ አልደበቁም። ግን «እንግዲያው ያንን ችኩል ልጅ አስተምሪልኝ» አሉ።

አስተማረችው። ልጁም ከደነገጠ ወዲህ ሰከን ብሎ ነበር፤ መፍቻ ከማንሣቱ በፊት ኤሌክትሪኩ መጥፋቱን ሁለቴ ያያል። እግረ መንገዷንም ምርመራዋን ጨረሰች፤ የቀድሞ አሠሪዋም መልካም አድርጎ መሰከረላት።

በወሩ መጨረሻ ስልኳ ሲጮኽ ከባሏ ሱቅ በር ላይ ነበረች። የድርጅቱ ባለሙያ ናት። ድምጿ ይስቃል። «እንኳን ደስ አለዎት! ቦርዱ አጽድቆታል፤ የእኛ ሆነዋል!»

ባሏ ከውስጥ ሆኖ መቀሱን አየር ላይ አቁሞ ያያታል። ወንበሩ ላይ ያለው ሰውዬ በግማሽ የተከረከመ ጭንቅላቱን አዙሮ ይሰማል።

«በጣም አመሰግናለሁ፤ ደስ ብሎኛል» አለች። «በጽሑፍ ሲደርሰኝ ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል።»

ሴትየዋ ሳቀች። «እርስዎን የፍተሻ ኃላፊ ያሉት ወደው አይደለም። ዛሬውኑ እልከዋለሁ።»

ስልኩን ዘጋችው። «ምን አሉሽ?» አለ ባሏ። «በቃል ነው ገና» አለችው። እሱም ነብር የመሰለ ወሬ አፉ ውስጥ ታስሮ፣ ላቡ እየወረደ፣ አንዲት ቃል ሳይወጣው የሰውየውን ፀጉር ጨረሰ። ሱቁ ከተከፈተ ጀምሮ እንዲህ ያለ ጸጥታ አይቶ አያውቅም ይላሉ ደንበኞቹ።

ኢሜይሉ ማታውን መጣ። «ቀደም ሲል በተላከው ግብዣ የተጠቀሱት ቅድመ ሁኔታዎች በሙሉ መሟላታቸውን እናረጋግጣለን። የፍተሻ ክፍል ኃላፊ ሆነው ተቀጥረዋል» ይላል። ከሥሩ ውሉ ተያይዟል፤ የዋና ሥራ አስኪያጁ ፊርማና ማህተም አለበት። ደመወዙ ቀድሞ የተጻፈው ነው። የሥራ መጀመሪያው ቀን ከአንድ ወር በላይ ርቋል፤ «በዕቅድ» የሚለው ቃልም የለም። እህትየዋ በስልክ ከላይ እስከ ታች አስነበበቻት፤ የሙከራ ጊዜውን አንቀጽ ሁለቴ አስደገመቻት። እሱ ሕጉ ለማንም አዲስ ሠራተኛ የሚያደርገው ነው፤ ግን ማወቅ ይሻላል አለች። ከዚያ የመጨረሻውን ገጽ እንደገና አስነበበቻት።

«እታለም? ምን አገኘሽ?»

«ምንም አላገኘሁም። እሱን ነው የምልሽ። ፈርሚ።»

ፈረመች። ባሏ «አሁን ልንገር?» አለ። «አሁን ንገር» አለችው፤ እሱም ጫማውን በቅጡ ሳያጠልቅ ወጣ።

ጋሼ መልቀቂያዋን ሲቀበሉ ውሉን እንድታሳያቸው ጠየቁ። አሳየቻቸው። ማህተሙን በመነጽራቸው አዩት። «ጠንካራ ነው» አሉና እጃቸውን ዘረጉላት። የማስጠንቀቂያ ወሯን እስከ መጨረሻው ቀን ሠራች። የሆስፒታሉን ቡድን ሌላ አንጋፋ ጠጋኝ ያዘው፤ ከአዲሱ ድርጅት ሌላ ደብዳቤ ያልመጣለት ችኩሌም ምክትሉ ሆነ። የሁለት ዓመቱን ውል ከመፈረሙ በፊት ግን አምጥቶ አስነበባት፤ ቀድሞ ቢለቅ ለሥልጠናው የሚያስከፍለውን አንቀጽ አብረው አይተው ነው የፈረመው።

እሷ አዲሱ ድርጅት ውስጥ በመጀመሪያው ቀን ቢሮ አልተቀመጠችም። ጠረጴዛዋን አይታ፣ ቦርሳዋን ሰቅላ፣ ቱታዋን ለበሰችና የፍተሻ ክፍሉን ሰዎች ይዛ በከተማው ረጅም ወደሚባለው ሕንፃ ሄደች። ሊፍቱን ለፍተሻ አስቁመው በደረጃ ወጥተው ሞተሩ ክፍል ሲደርሱ ሁሉም ያለከልካሉ፤ እሷ ብቻ ትንፋሿ ልክ ነው። «እስቲ የሞተሩን ፍሬን ክፈቱልኝ፤ እኔ ራሴ ልየው» አለች።